ቪትዟን ለመሸጫው ላስረክብ ወይስ ራሴ ልሽጣት?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ቤቴ ኮምቦልቻ፣ ሱቄ ደሴ ፒያሳ ነው። 2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። ደሴ ያለ አንድ የመኪና መሸጫ ቪትዟን በ1,150,000 ብር ተቀብሎ ያገለገለ ሱዙኪ ዲዛየር በ2,950,000 ሊሰጠኝ ተስማምቷል፤ ጭማሪ 1,800,000 እከፍላለሁ። ደላላ ደግሞ ቪትዟ ለብቻዋ 1,400,000 ታወጣለች ይለኛል። ባለቤቴ ‹250,000 ብር ሜዳ ላይ ልትበትኚ ነው?› ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ሰው እየተመላለሰ ሲያያትና ሲከራከረኝ መዋሉን አልችለውም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ሙቀቷ ከፍ ይላል። ምን ይመክሩኛል? — እ. መ. ከኮምቦልቻ»

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፤ ባለቤትሽም የተቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ሁለታችሁም የያዛችሁት 250,000 የሚለው ቁጥር ትክክለኛው ልዩነት አይደለም። ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ያልጠየቅሽው ጥያቄ ይቀራል።

እሱም ይሄ ነው፦ ያ ዲዛየር አሮጌ መኪና ይዞ ላልመጣ፣ ብሩን በባንክ ለሚያስገባ ሰው ስንት ነው? መሸጫው ለአንቺ ሁለት ዋጋ ነው የነገረሽ፤ የአንቺ መኪና ዋጋና የእሱ መኪና ዋጋ። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ራሱ ነው። በአንደኛው እጁ ቪትዟን ከፍ አድርጎ ደስ ሲያሰኝሽ፣ በሌላኛው ዲዛየሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ «ቪትዟን በስንት ያዝክልኝ?» የሚለው ክርክር ብዙም አይጠቅምሽም። ከኪስሽ የሚወጣው ጭማሪው፣ 1,800,000ው ነው፤ መከራከርም ያለብሽ በእሱ ላይ ነው።

አንቺን የሚያውቁሽ ከሆነ አትሂጂ፤ የማያውቁትን ዘመድ ላኪ። ሄዶ «ዲዛየሩን እፈልጋለሁ፣ ብሬ ዝግጁ ነው፣ የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» ይበል። በ2,850,000 እንሰጥሃለን አሉት እንበል። ከዚያ ላይ አንቺ የምትጨምሪውን 1,800,000 ቀንሺ። ቪትዟን የያዙልሽ በ1,050,000 ነው ማለት ነው። 1,150,000 የተባለው በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ዋጋ ነው። ለእሱም ከ2,950,000 ንቅንቅ ካላሉ ግን 1,150,000ው እውነተኛ ነው፤ ሰዎቹንም ትንሽ ልታምኛቸው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ደላላው እንሂድ። 1,400,000 ያለሽ ሰው መኪናዋን ሊገዛሽ አይደለም፤ እንዲሸጣት እንድትሰጪው ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ መጥራት ደንበኛ መያዣው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ትንሽ ዝቅ በይ» ይልሻል። ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፣ የሥራው ጠባይ ነው። እውነተኛውን ዋጋ ማወቅ ከፈለግሽ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በቅርቡ ቪትዝ የሸጠ ሰው ፈልጊና ብሩ ስንት ሆኖ አካውንቱ ውስጥ እንደገባ ጠይቂው። የተጠራውን ዋጋ አትጠይቂው፤ የተጠራ ዋጋ ማንም አይከፍለውም።

ለስሌት ያህል በመጨረሻ 1,330,000 ላይ ተስማማሽ እንበል። የደላላው ድርሻ በተለመደው ሁለት ከመቶ 26,600 ብር ነው። ያቺን የሙቀት ነገር ለማስተካከልና መኪናዋን አጥቦ ለማሰማመር 30,000 ያዢ። ለመመላለሻ፣ ለፎቶ ኮፒና ለጥቃቅኑ ሌላ 13,400 ጨምሪ። እጅሽ ላይ የሚቀረው 1,260,000 ነው። መሸጫው በእርግጥ 1,150,000 ከያዘልሽ ልዩነቱ 110,000 ብር ነው። በ1,050,000 ከሆነ ግን 210,000 ነው። ባለቤትሽ የተቆጣበት 250,000 ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ፣ 110,000 ብር ሱቅ እየጠበቀች ከሰው ጋር መከራከር ለማትችል ሴት ተገቢ የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ልትከፍዪው ትችያለሽ። 210,000 ግን በዛ። በተለይ አሁን በዛ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለ ቪትዝ ባለቤቱን ጠብቆ የሚያረጅ ዕቃ አይደለም። ነዳጇ ትንሽ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኝ፣ መካኒኩ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መኪና ናት። «ማን ይወስዳታል፣ እኛ ጋ ወራት ትቆማለች» ቢሉሽ አትመኚ።

ይሄ ሁሉ ስሌት ግን ሙቀቷ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የኛ አገር ገዢ መኪና የሚሞክርበት ቦታ ሐረጎ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ሁሉ ከፍታ መውጣት ማለት ለትንሽ ሞተር ቀላል ሥራ አይደለም። የሚያውቅ ገዢ ከኮምቦልቻ ይነሳና አራት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ ሽቅብ ይነዳታል፤ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ አያነሳም። መርፌው ከመሃል ካለፈ ዋጋሽ እዚያው ዳገት ላይ ይወርዳል። የሚወርደውም ማሠሪያው በሚያስወጣው ልክ አይደለም። ገዢ የማያውቀውን ችግር የሚገምተው በመጨረሻው ክፉ ነው፤ «ሞተሩ ሄዷል» ብሎ 150,000 ይቀንስልሻል፣ ካልሆነም ጥሎሽ ይሄዳል።

ስለዚህ ማንም ሳያያት በፊት አንቺ ዕወቂ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የራዲያተሩን ክዳን አስከፍቺ። ሲሞቅ በፍጹም እንዳይከፈት፤ ፊት የሚያቃጥል ውኃ ነው የሚተፋው። ውስጡ ያለው ውኃ ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው፤ ራዲያተሩ ውስጡ ደለል ይዞ ጠብቧል። ይሄ ወርዶ በመታጠብ፣ ሲብስም በመቀየር ይድናል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ሞተሩን አስነስተሽ ክዳኑ ክፍት እንዳለ ውኃው ሳያቋርጥ አረፋ እየገፋ ከወጣ፣ ከሞተሩ የሚቃጠለው ጋዝ በቴስታታው በኩል ወደ ውኃው እየገባ ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው ይወርዳል፤ ወጪው ሌላ ነው።

የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠሽ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ነገር ብታዪ ወዲያው አትደንግጪ። የደሴ ብርድ ላይ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ክዳኗ ላይ እርጥበት ይዛ እንዲያ ልታሳይ ትችላለች። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዘሽ እዪ፤ እሱም ላይ ያለው ዘይት ወተት ከመሰለ ያኔ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል።

ሌላው ምልክት ሙቀቱ መቼ እንደሚጨምር ነው። ቆማ ስትጠብቂ፣ ሰልፍ ላይ፣ የሚጨምር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ ነው። አንቺ እንዳልሽው ዳገት ላይ ጨምሮ ቁልቁለት ሲሆን የሚወርድ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ጠቧል፣ ወይ ቴርሞስታቱ በደንብ አይከፍትም፣ ወይ የውኃ ፓምፑ ደክሟል። ከሁሉም በፊት ግን ክዳኑን ቀይሪ። ዋጋው ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ነው፣ የሚናቀውም እሱ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ በድስት የጣድሽው ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ ሲላላ ወይ ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ያ ጥቅም ይጠፋል፤ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ሐረጎ አናት ላይ ውኃው መንተክተክ ይጀምራል። አንዳንድ መካኒክ ይሄን ሳያይ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥልልሻል። ያን አትፍቀጂ፤ የሚያውቅ ገዢ ቴርሞስታት የሌላትን መኪና ሲያገኝ «ምን ልትደብቂ ነው?» ነው የሚለው።

ችግሩ እስከ ራዲያተር ድረስ ብቻ ከሆነ አሠሪያት፣ ደረሰኙን ያዢ፣ ለገዢም አሳዪው። ያኔ በራስሽ መሸጡ ያዋጣል። ቴስታታው ከሆነና ወጪው በ30,000 ፋንታ 100,000 ቢደርስ፣ እጅሽ ላይ የሚቀረው ወደ 1,190,000 ይወርዳል። መሸጫው በእርግጥ በ1,150,000 ከወሰዳት ልዩነቱ 40,000 ብር ብቻ ስለሚሆን ያን ጊዜ ያለ ክርክር ለመሸጫው እሰጣት ነበር። ነገር ግን እሱንም አትደብቂው። 1,150,000 ያለሽ ግቢው ውስጥ ቆማ አይቷት ነው ወይስ ዳገት አስወጥቶ ሞክሯት? ቆማ ካያት ዋጋው ገና አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ጭማሪሽን ይዘሽ ለመፈረም በሄድሽበት ቀን «ሙቀት አላት» ብሎ ሌላ 50,000 ሊጠይቅሽ ይችላል። መጀመሪያ ይሞክራትና ከዚያ በኋላ ዋጋውን በጽሑፍ ይስጥሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ለመሸጫ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጥ ሰው በዚያ ብር ሁለት ነገር ነው የሚገዛው፦ አንደኛው ጊዜ፣ ሁለተኛው ከመኪናው መገላገል። ጊዜውን ታገኚያለሽ። መገላገሉን ግን ብዙ ሰው አያገኝም፤ ምክንያቱም መሸጫው ስም አያዞርም። «ውክልና ስጪን፣ ገዢ ስናገኝ በቀጥታ በእሱ ስም እናዞረዋለን» ይልሻል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ግልጽ ነው፤ ዛሬ በራሱ ስም፣ ነገ በገዢው ስም ቢያዞር የስም ማዞሪያ ክፍያውን ሁለት ጊዜ መክፈሉ ነው። ለእሱ ቁጠባ ነው። ለአንቺ ግን ሊብሬው ላይ ስምሽ እንዳለ ቪትዟ ወልድያም አዲስ አበባም ትዞራለች ማለት ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ገጭቶ ሲጠፋ ታርጋው ሲፈተሽ የሚወጣው የአንቺ ስም ነው። በኋላ «ሸጬዋለሁ» ብለሽ ውል አቅርበሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ፤ ግን ከሱቅሽ ተነስተሽ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት የምትመላለሺው አንቺ ነሽ። 110,000 ብር የከፈልሽው ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ለመዳን ነበር። በውክልና ከሆነ ብሩንም ሰጥተሽ ጣጣውንም ተሸክመሽ ትመለሻለሽ። ስለዚህ ለመሸጫው የምትሰጪው አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ነው፦ ስም የሚዞር ከሆነ።

«እንዲያ አንሠራም» ካሉሽ አንድ መፍትሔ አለ፤ እሱንም የሚያደርግልሽ ጭማሪው አንቺ እጅ ላይ መሆኑ ነው። የሽያጭ ውሉ ላይ «ገዢ በ30 ቀን ውስጥ የተሽከርካሪውን ስም ያዞራል» የሚል አንቀጽ ይግባ። ከ1,800,000ው ላይ 100,000 ብር ደግሞ አዲሱ ባለቤት ስም ያለበትን የሊብሬ ኮፒ እስኪያሳዩሽ ድረስ አንቺ ጋ ይቆይ፤ ይሄም ውሉ ላይ ይጻፍ። በእውነት 30 ቀን ውስጥ ሊሸጡት ያሰበ መሸጫ ይሄን አይፈራም። የሚፈራ ካጋጠመሽ፣ ለምን እንደፈራ ቆም ብለሽ አስቢ።

ዲዛየሩም ላይ ያው ነገር በተቃራኒው አለ። ሊብሬውን አምጡ በይ። የመሸጫው ባለቤት ስም ካልሆነ የማን ነው? በሦስተኛ ሰው ውክልና ይዘው የሚሸጡልሽ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን ማረጋገጥ አለብሽ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይቀራል፣ ከወራሾች ጋር ነው የምትጣበቂው። ሁሉ ቀርቶ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይፈርም ማለት ትችያለሽ። በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ ላይ አለመሆኑን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ካለው ፋይል አጣሪ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር በዓይን ይመሳከር።

በራስሽ ለመሸጥ ከወሰንሽስ? አንቺን የሚያስቸግርሽ የሰው መመላለስ ከሆነ እሱን መቀነስ ይቻላል። መኪናዋ የምትታይበት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ጠዋት፣ ለይተሽ ለደላላው ንገሪው። «ከዚህ በታች አልሸጥም» የምትዪውን ዋጋ ለእሱም አትንገሪ፤ ለባለቤትሽ ብቻ ንገሪ። ለነገሩ ባለቤትሽን ብሩ የሚያንገበግበው ከሆነ ክርክሩን ለእሱ ስጪው። ደስ ብሎት ነው የሚይዘው።

ያላትን እንከን አትደብቂ፤ ውሉ ላይም ይጻፍ። አውቆ የደበቀ ሻጭ በኋላ ይጠየቃል፤ «የራዲያተሩ ችግር ተነግሮኝ፣ ሞክሬ ገዝቻለሁ» ብሎ የፈረመ ገዢ ግን ሌላ ቀን በርሽን አያንኳኳም።

ቀብድ ተቀበዪ፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ ዐውቀሽ። በሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ማታ 20,000 ብር ቀብድ ተቀብለሽ ጠዋት ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ቢያመጣ፣ የመጀመሪያውን ለመተው 40,000 ትመልሻለሽ። ስለዚህ ስሜት ላይ ሆነሽ አትቀበዪ።

ብሩ የሚከፈለው ባንክ ውስጥ ነው። ገዢው ያንቺው ባንክ ደንበኛ ከሆነ አብራችሁ ግቡና በመስኮቱ ይዘዋወር፤ ካልሆነ በሲፒኦ ይሁን፣ ሲፒኦውንም ያወጣው ባንክ ያረጋግጥልሽ። ስልኩ ላይ «ላክሁ» የሚል ስክሪን ሲያሳይሽ አካውንትሽን ራስሽ ሳታዪ ቁልፍ አትስጪ። ውሉ ውልና ማስረጃ ሲፈረም ባለቤትሽም መገኘት አለበት። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ከሆነ ያለ እሱ ፊርማ አይሸጥም። ይሄ ለመሸጫው ብትሰጪም ያው ነው፤ ስለዚህ የተቆጣውን ሰውዬ ከወዲሁ አስታርቂው።

አንድ ነገር ግን መሸጫው የሚበልጥበት አለ፤ እሱን ሳልነግርሽ ብቀር አግባብ አይሆንም። ለመሸጫ ስትሰጪ ሁለቱም ዋጋ በአንድ ቀን ይቆረጣል። በራስሽ ስትሸጪ ግን ቪትዟ ሄዳ ዲዛየሩ እስኪገኝ ያለው ጊዜ አለ። ብርሽ ባንክ ተኝቶ የመኪና ዋጋ ሊነሳ ይችላል። አንድ ወር ዘግይተሽ ያው ዲዛየር 3,100,000 ከሆነ፣ በልፋትሽ ያተረፍሽውን 110,000 አልፎ ይወስደዋል። ይሄን ሥጋት የሚያጠበው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ዲዛየሩን አስቀድመሽ በትንሽ ቀብድ ያዢ፤ ዋጋውና እስከ መቼ እንደሚጠብቁሽ፣ ለምሳሌ 20 ቀን፣ በጽሑፍ ይሁን። ከዚያ ቪትዟን ሽጪ። በ20 ቀን ካልተሸጠች የምታጪው ቀብዱን ነው፤ ስለዚህ ቀብዱ አነስተኛ ይሁን፣ 15,000 ወይም 20,000 ቢሆን ይበቃል። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ቪትዟ ካልተሸጠች ወደዚያው መሸጫ ተመለሽና የቀድሞውን ስምምነት ጠይቂ። ይሄንንም አማራጭ ቀብድ ስትሰጪ ውሉ ላይ አስጽፊው። «ቪትዟ በ20 ቀን ካልተሸጠች በ1,150,000 እንረከባለን» የሚል አንድ መስመር ነው። እሺ ካሉሽ ሁለቱንም መንገድ ይዘሻል። እኔ አንቺን ብሆን የምሄደው በዚህ ነው።

«አዲስ አበባ ወስደሽ ብትሸጪያት የበለጠ ታወጣለች» የሚልሽ ሰው ይኖራል። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ግን 400 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ማደሪያ፣ የአማራ ታርጋ ስለሆነ ገዢው ፋይሉን ለማዛወር የሚያወጣውን ጊዜና ብር ከዋጋው ላይ የሚቀንስብሽ መሆኑን ስትደምሪበት ለአንድ ቪትዝ አያዋጣም። የደሴና የኮምቦልቻ ገበያ ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና በቂ ነው።

ለመሸጥ ከመነሳትሽ በፊት የዚህ ዓመት ቦሎ መለጠፉን እዪ፤ ያለፈ ከሆነ ምርመራውን ጨርሺ። የትራፊክ ቅጣት ካለብሽ ክፈዪና ደረሰኙን ያዢ። በሁለቱም መንገድ ስም ለማዞር ሲኬድ የሚያስቆሙሽ እነዚህ ናቸው። ከሦስተኛ ወገን በላይ ሙሉ ኢንሹራንስ የገባሽላት ከሆነ ደግሞ ስሙ በዞረ ማግሥት ኢንሹራንስ ኩባንያሽ ጋ ሄደሽ ውሉ ላልተጠቀምሽበት ቀሪ ጊዜ የሚመለስልሽ ክፍያ ካለ ጠይቂ፤ ወይ ወደ ዲዛየሩ ያዙሩልሽ። ብዙ ሰው ይሄን ብር ሳይጠይቅ ነው የሚቀረው።